የመጀመሪያውን ዝናብ የሚያስቀረው ቱቦ ስንት ሊትር ይሁን?

«አዳማ ላይ ጣሪያው 60 ካሬ የሆነ ቤት ልጀምር ነው። የዝናቡን ውሃ ወደ ሮቶ ላስገባ አስቤያለሁ። የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ የሚያስቀረው ቱቦ ስንት ሊትር ይያዝ?»

ሰላም ወንድሜ። 60 ካሬ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት 60 ሊትር ነው። ከዚያ አታሳንሰው። የአዳማ አቧራ በጋውን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ሲጋገር ነው የሚከርመው፤ የወፍ ኩሱም አለ።

ችግሩ ቦታው ነው። ባለ 110 ቱቦ በሜትር 9 ሊትር ገደማ ቢይዝ ነው። 60 ሊትር ለማስቀረት ወደ 7 ሜትር ያስፈልግሃል፤ ግድግዳህ ግን 3 ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ጣሪያውን ለሁለት አሸንዳ ክፈለው። እያንዳንዱ መውረጃ ሥር ባለ 160 ቱቦ አቁም። እሱ በሜትር 18 ሊትር ያህል ስለሚይዝ፣ 1 ሜትር ከ70 ለ30 ሊትር ይበቃዋል። ሲሞላ ውስጡ ያለው ኳስ ተንሳፍፎ አፉን ይዘጋና ንጹሑ ውሃ ወደ ሮቶው ያልፋል።

ከታች ባለው ክዳን ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሳ፤ ቱቦው በእሱ እየተንጠባጠበ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ይሆናል። ቀዳዳው በጭቃ ቶሎ ይደፈናል። በማግስቱ ጠዋት ቱቦውን በጣትህ ኳ ኳ አድርገው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ አልፈሰሰም ማለት ነው፤ ክዳኑን ፈትተህ እጠበው። ክዳኑ በማጣበቂያ የተለጠፈ ሳይሆን ጥርስ ያለው፣ ተጠምዝዞ የሚፈታ ይሁን።

አንድ ነገር አደራ፦ የሮቶው አፍ ከአሸንዳው ዝቅ ማለት አለበት። እኛ ቤት መቆሚያው አስቀድሞ ተገነባና ሮቶው ሲወጣበት አፉ ከአሸንዳው እኩል ሆነ። መቆሚያውን አፍርሰን እንደገና ሠራን። አንተ ከፍታውን ከአሁኑ ፕላኑ ላይ አስገባው።