ሁለት ሉፕ ሲገፋፉ፦ ስለ ላምዳና ስለ ዲካፕለር ጥያቄና መልስ

ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ እናቀላቅላለን። ፍሰቱን ሳስተካክል ሙቀቱ ይረበሻል፣ ሙቀቱን ሳስተካክል ፍሰቱ። ሙቁ 60፣ ቀዝቃዛው 20 ዲግሪ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር በ50 ዲግሪ እንፈልጋለን። የቱ ቫልቭ ለየቱ ይሁን?

ቁጥር ይዘህ ስለመጣህ ተባረክ። 50 ዲግሪ የሚገኘው ሙቁ 7.5፣ ቀዝቃዛው 2.5 ሊትር ሲሆን ነው። ሁለቱንም ሉፕ፣ ማለትም እየለካ ቫልቩን የሚያዘውን ዑደት፣ ማኑዋል ላይ አድርገህ ቫልቮቹን አንድ በአንድ ትንሽ ነቅነቅ አድርግ። ለውጡን በ1 ሊትር ስናሰላው፣ ሙቁ ሲጨምር ፍሰቱ በ1 ሊትር፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ይወጣል። ቀዝቃዛው ሲጨምር ፍሰቱ በ1 ሊትር ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን በ3 ዲግሪ ይወርዳል።

አሁን የሙቀቱን ሉፕ ኦቶ ላይ መልሰውና ሙቁን እንደገና በ1 ሊትር ጨምር። ኮንትሮለሩ 50 ዲግሪን ለመያዝ ቀዝቃዛውን በ0.33 ሊትር ይከፍታል። ስለዚህ ፍሰቱ በ1 ሳይሆን በ1.33 ያድጋል። 1 ለ1.33 ሲካፈል 0.75 ነው። ላምዳ ማለት ይኸው ነው፤ ብሪስቶል በ1966 ያመጣው ሐሳብ። ፓይተን ላይ numpyን np ብለህ ካስገባህ ሁለት መስመር ይበቃል፦

```
K = np.array([[1, 1], [1, -3]])
K * np.linalg.inv(K).T
```

ሙቁን ለፍሰት፣ ቀዝቃዛውን ለሙቀት ስጥ። ገልብጠህ ብታጣምራቸው ላምዳው 0.25 ይሆናል፤ ያኔ ሉፖቹ ሲጓተቱ ነው የሚውሉት።

ላምዳ 1 ከሆነ ሉፖቹ አይነካኩም፣ አንዱ ሉፕ ሌላውን እንዳይረብሽ ቀድሞ የሚያካክሰው ዲካፕለርም አያስፈልግም። ልክ ነኝ?

ግማሹን አግኝተኸዋል። ላምዳ የሚያየው ደርሶ መልሱን ነው፤ ከአንዱ ወጥቶ በሌላው በኩል ዞሮ የሚመጣውን። የመጀመሪያው ቫልቭ ሁለተኛውን ሉፕ ክፉኛ እየረበሸ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ባይነካ፣ ላምዳ ልክ 1 ይወጣል። ሉፖቹ አንዱ ሌላውን እንዲወዛወዝ አያደርጉም፤ ረብሻው ግን አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ የአንድ አቅጣጫ ዲካፕለር በጣም ጥሩ ነው።

ለዚሁ ዓይነት ሚክሰር ዲካፕለር ሠራሁ። ሙቀቱ ተረጋጋ፣ ፍሰቱ ግን መወዛወዝ ጀመረ። ምን አጠፋሁ?

የኮንትሮለሮቹን የፒአይዲ ቁጥሮች እንደነበሩ ትተሻቸው ይሆናል። በላይኛው ቁጥር፣ የፍሰቱ ኮንትሮለር ሙቁን 1 ሲያንቀሳቅስ ዲካፕለሩ ቀዝቃዛውን 0.33 ይጨምራል። የሙቀቱ ኮንትሮለር ቀዝቃዛውን 1 ሲጨምር ደግሞ ሙቁን 1 ይቀንሳል። ሙቀቱም ፍሰቱም በየተራ አይነኩም። ነገር ግን የፍሰቱ ጌይን፣ ማለትም ቫልቩ በ1 ሲንቀሳቀስ የሚመጣው ለውጥ፣ ከ1 ወደ 1.33፣ የሙቀቱ ከ3 ወደ 4 አድጓል። የቀድሞው ጌይን በላምዳ ሲካፈል ማለት ነው። የኮንትሮለሮቹን ጌይን በ0.75 አባዢና ሞክሪ።

የእኔ የታንክ ከፍታ ሉፕ ቀኑን ሙሉ ይወዛወዛል። ዲካፕለር ላስገባ?

ወንድሜ፣ ሁለተኛው ሉፕህ የታለ? ጎረቤት ሉፕ ካለ ማኑዋል ላይ አድርገው። የከፍታው መወዛወዝ ካልቆመ ጥፋቱ የራሱ ነው። መጀመሪያ የሚጣበቅ ቫልቭ እንዳይሆን እይ፤ የቫልቩ ትዕዛዝ ቀስ እያለ ሲወጣ በቫልቩ የሚያልፈው ፍሰት ቆይቶ ድንገት ከዘለለ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። ማታ ማታ 35 ዲግሪ ነው የምንሠራው። ያው ዲካፕለር ይሠራል?

አይሠራም፣ ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ! በ35 ዲግሪ ሙቁ 3.75 ሊትር ብቻ ነው፤ ላምዳውም ወደ 0.375 ይወርዳል። በዚህ ሚክሰር ላምዳው ሁሌም የሙቁ ድርሻ ነው። 0.33 የነበረው ቁጥር ደግሞ 1.67 መሆን አለበት። የጠዋቱን ይዘህ ማታ ከገባህ የቀዝቃዛውን ማካካሻ ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ ብቻ ትሰጣለህ። ወይ ቁጥሮቹን ከሴትፖይንቱ ጋር የሚቀይር ነገር ጻፍ፣ ወይ ደግሞ...

ልግባበት፦ ዲካፕለሩን ተዉት። የሙቀቱ ኮንትሮለር የሙቁን ድርሻ ይወስን፣ የፍሰቱ ጠቅላላውን። ማባዛት ብቻ ነው።

እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። በወረቀት ላይ ከእኔው ይሻላል፣ ለ50ም ለ35ም ሳይቀየር ይሠራል። የምጠራጠረው ሁለቱ ቫልቮች እኩል ካልፈጠኑ ነው፤ ያኔ ፍሰት ሲቀየር ሙቀቱ ለአፍታ መዝለሉ አይቀርም። ያ አፍታ ያስቸግራችሁ እንደሆነ ካልተሞከረ መናገር አልችልም።

የእኛ ዲስቲሌሽን ኮለምን ላምዳው 20 ነው። ዲካፕለር ያድነናል?

አያድንም። እኔ በእንዲህ ዓይነቱ ላይ ሞክሬ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ፤ ሲሙሌሽኑ ላይ ግሩም ነበር፣ ፕላንቱ ላይ ቫልቮቹ እስከ ጫፍ ሄደው ቀሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ላምዳ 20 ከሆነ፣ ከአራቱ ጌይኖች አንዱ በ1/20፣ ማለትም በ5 ከመቶ ብቻ ቢሳሳት የጌይኖቹ ማትሪክስ መገልበጥ የማይችል ሊሆን ይችላል። ዲካፕለር ደግሞ ያንን ማትሪክስ መገልበጥ ነው። ጌይን በ5 ከመቶ አጥርቶ የለካ ኦፕሬተር እስካሁን አላጋጠመኝም። የላዩንም የታቹንም ምርት አጥብቃችሁ መያዝ ግድ ካልሆነ አንዱን ሉፕ አላሉት፤ ዋጋ ያለውን ምርት ብቻ ያዙ።