ለፈቃድ ፈተና ፈቃድ መጠየቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦ «ጋሼ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናዬ ሐሙስ በሌላ ከተማ ይሰጣል። የዕረፍት መጠየቂያ ደብዳቤውን ‹ጉዳዩ፦ የሙያ ፈቃድ ስለመጠየቅ› ብዬ ጀመርኩና ከዚያ ወዲያ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ።»

መላሽ፦ ስህተቱ እዚያው የጉዳዩ መስመር ላይ ነው። የሙያ ማረጋገጫውም የሥራ ዕረፍቱም በእኛ ቋንቋ «ፈቃድ» ስለሚባሉ፣ ደብዳቤውን የሚመራው ሰው የሚፈርደው በዚያች መስመር ብቻ ነው። የሳይት ኃላፊ ሳለሁ አንድ ወጣት ልክ እንደ አንቺ ጽፎ፣ ደብዳቤው የሥራ ልምድ ማስረጃ ወደሚያዘጋጀው ሠራተኛ ተመርቶ ሳምንት ሙሉ ተቀመጠ፤ እኔ ያወቅሁት ልጁ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው መጥቶ ሲጠይቀኝ ነው። «ጉዳዩ፦ የሙያ ብቃት ፈተና ለመፈተን የሦስት ቀን የሥራ ዕረፍት ስለመጠየቅ» ብለሽ ጻፊ። የሥራ ልምድ ማስረጃ የምትፈልጊ ከሆነ በሌላ ደብዳቤ ጠይቂ፣ ሁለቱን አታደባልቂ። ቀኑንም በቁርጥ አስቀምጪ፦ ረቡዕ መሄጃ፣ ሐሙስ ፈተና፣ ዓርብ መመለሻ። «እስከ ዓርብ» ስትይ ዓርብ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚል ክርክር ስለሚነሳ፣ «ሰኞ ጠዋት በሥራ ገበታዬ እገኛለሁ» በሚለው ዝጊው።

የቢሮው ሰው፦ «ቀጣሪ ለፈተና ፈቃድ የመስጠት ግዴታ አለበት። መብቷን ትጠይቅ እንጂ ለምን ትለማመጣለች?»

መላሽ፦ ግማሹ ልክ ነው። በሕጉ፣ በቅጥር ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ የተጻፈ ከሆነ አንቀጹን ትጥቀስ፤ ካልተጻፈ ግን «መብቴ ነው» የሚለው ቃል የሚያተርፈው ክርክር ብቻ ነው።

ብረት ሠሪው፦ «ታምሜያለሁ ብሎ መቅረት አይቀልም? እኔ እንደዚያ አድርጌ ማንም አልጠየቀኝም።»

የቢሮው ሰው፦ «የፈተናው ውጤት ሲመጣ ቀኑ አብሮ ይመጣል፤ ያን ቀን ታሞ የነበረ ሰው እንዴት ተፈተነ ይባላል?»

መላሽ፦ ወደ ደብዳቤው እንመለስ።

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦ «ኃላፊዬ ‹ሥራው ይቆማል› እንዳይለኝ ምን ልጻፍ?»

መላሽ፦ ይህ ነው ዋናው ጥያቄ። ኃላፊሽ ደብዳቤውን ሲያነብ በልቡ የሚያስበው ስለ ፈተናሽ ሳይሆን በዚያ ሳምንት ስለሚወድቅበት ሥራ ነውና፣ መልሱን አስቀድመሽ ስጪው። በሳይትሽ ምን ሥራ እንዳለ ንገሪኝ።

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦ «ከፈተናው በፊት ባለው ሐሙስ የሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ ኮንክሪት ይሞላል። የሦስተኛው ፎቅ የኮለን ፌሮ ደግሞ በፈተናው ማግስት ዓርብ ይታያል።»

መላሽ፦ እንግዲህ ቁጠሪ፦ ከሶሌታው ኮንክሪት ለጥንካሬ ምርመራ የሚወሰዱት ኪዩቦች 7 ቀን የሚሞላቸው ልክ በፈተናሽ ቀን ነው። የመጨረሻው መለኪያ የ28 ቀኑ ቢሆንም፣ ኮንክሪቱ እንደሚጠበቀው እየጠነከረ መሆኑን ቀድሞ የሚጠቁመው የ7 ቀኑ ስለሆነ፣ ኪዩቦቹ በቀናቸው ላቦራቶሪ ካልደረሱ ያ ምልክት ይታጣል። ስለዚህ እንዲህ ጻፊ፦ «የሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ ኪዩቦች ሐሙስ ላቦራቶሪ እንዲደርሱና ውጤቱም በሳይት መዝገብ እንዲሰፍር ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተስማምቻለሁ፤ የዓርቡን የፌሮ ቁጥጥርም እርሱ ያካሂዳል።» ስሙን ጥቀሺ፤ ደብዳቤውንም ከማስገባትሽ በፊት እርሱ አንብቦት ይፈርምበት። አንድ ነገር አትዘንጊ፦ የቁጥጥሩን ወረቀት ለመፈረም ባለፈቃድ መሐንዲስ የሚጠየቅበት ሳይት ከሆነ፣ ተኪሽም እንዳንቺ ፈቃድ ያላገኘ ከሆነ ቃልሽ ባዶ ነው። ያኔ ፈራሚውን ኃላፊው ራሱ እንዲመድብ በዚያው ደብዳቤ ጠይቂ።

አዲስ ገቢ፦ «ለፈተናው ምን ምን ላንብብ?»

መላሽ፦ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ደብዳቤው ነው።

የቢሮው ሰው፦ «ደመወዟስ ይቆረጣል?»

መላሽ፦ በውሏ ይወሰናል። ከዓመት ፈቃዷ እንዲታሰብ ወይም ያለ ክፍያ እንዲሆን የምትፈልገውን ራሷ ትጻፍ፤ ዝም ካለች ሌላ ሰው ይመርጥላታል።

ብረት ሠሪው፦ «የመፈተኛ ካርዱ ገና ካልወጣስ? ይጠበቃል?»

መላሽ፦ አይጠበቅም። የምዝገባ ማረጋገጫውን አያይዛ አሁኑኑ ታስገባ፣ ካርዱን ሲወጣ ትጨምር።

የቢሮው ሰው፦ «እኛ ዘንድ ያለ ካርዱ ተቀባይነት የለውም።»

መላሽ፦ እንደየመሥሪያ ቤቱ ነው፤ እኔ በነበርኩበት ይቀበሉ ነበር። የትም ቢሆን ግን ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማህተምና ቀን ሳታስመታ አትውጣ።

አዲስ ገቢ፦ «ስንት ቀን መጠየቅ ይሻላል?»

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል፤ እባክህ ከመጀመሪያው አንብብ።

ጀማሪዋ መሐንዲስ፦ «ይህን ጻፍኩ፦ ‹የሙያ ብቃት ፈተና ለመፈተን በመጪው ሳምንት ለሦስት ቀናት የሥራ ዕረፍት እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ኪዩቦቹን ሐሙስ ባልደረባዬ ላቦራቶሪ ያደርሳል፤ የፌሮ ቁጥጥሩን የሚፈርም መሐንዲስ እንዲመደብልኝም እጠይቃለሁ።›»

መላሽ፦ ፈራሚውን ማሰብሽ መልካም ነው። ነገር ግን «በመጪው ሳምንት» የሚለው ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን ቢያድር ትርጉሙ ይለወጣል። ቀኖቹን በቁጥር ጻፊ።