ለአሜሪካ ያልተሞላ ታክስ ከማርቆስ ሆኖ ሲሞላ

«አሜሪካ ሠርቼ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። አሁን ያልሞላኸውን የእዚያን ዘመን ታክስ ሙላ ተባልኩ። ወረቀቴ ሁሉ እዚያው ቀርቷል። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ እንኳን ለአገርህ አበቃህ። ወረቀቱ አያስጨንቅህ። አሠሪዎችህ የላኩት W-2፣ ማለትም የደመወዝህና የተቆረጠብህ ታክስ መረጃ፣ የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ዘንድ አለ። 4506-T የሚባለውን ቅጽ ሞልተህ የዚህን መረጃ ግልባጭ፣ Wage and Income Transcript፣ ጠይቅ። በነጻ ነው። እስከ 10 ዓመት ወደኋላ ይገኛል።

ከዚያ ዓመቱን ለየብቻ ያዝ። ለ2022 የምትሞላው የራሱን የ2022ን የታክስ ቅጽ፣ 1040ን፣ ነው። ሁሉንም በአንድ ቅጽ መጠቅለል የለም።

መጀመሪያ ታክስ ከደመወዝህ የተቆረጠበትን ዓመት እይ። ብዙ ተቆርጦብህ ከሆነ ተመላሽ አለህ፤ ተመላሽ ባለበት ደግሞ በማዘግየት የሚመጣ ቅጣት የለም። ግን ጊዜው ያልፋል። የ2022 ተመላሽ የሚጠየቀው እስከ ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ነው። ካለፈ ገንዘቡ ለመንግሥት ይቀራል።

የሚያሳስበው ኡበር የነዳህበት ዓመት ካለ ነው። እዚያ የሚቆርጥልህ የለም። ቅጹን ሳትሞላ በመቆየትህ ባልከፈልከው ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ቅጣት ይቆለላል፤ ወለዱ ሌላ ነው።

ስንት ዓመት ወደኋላ? አይአርኤስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት ነው። ከዚያ በላይ ሙላ የሚልህ የታክስ አዘጋጅ በየዓመቱ እንደሚያስከፍልህ አትርሳ።

ግሪን ካርድህን I-407 በሚባለው ቅጽ በይፋ ካልመለስክ ግን ማርቆስ የምታገኘውም ገቢ 1040 ላይ ይመዘገባል።