አንድ ፎቶ፣ ሦስት አገር

ቡናው ተለቅሞ እጅ ላይ ገንዘብ ሲገባ፣ ገናም ሲቃረብ፣ ጅማ ባለው ስቱዲዮዬ በር ላይ ስልኩን ዘርግቶ «እነዚህን አንድ ላይ አድርግልኝ» የሚለኝ ሰው ይበዛል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚመሳሰሉትን ትቼ አምስቱን መረጥኩ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፤ እሱ ከገባ ሌላው ቀላል ነው።

«እናታችን ጅሬን ናት፣ እኔም አብሬያት ነኝ። እህቴ ቤሩት፣ ወንድሜ ስቶክሆልም ነው ያለው። ለገና አራታችንም ያለንበት ትልቅ ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ልንሰቅልላት አስበናል። ስልካችን ላይ ያለውን ሰብስቤ ባመጣልህ ይሆናል?»

እህቴ፣ ብታመጪው እሠራዋለሁ፤ ግን ያየው ሁሉ «ተቀጣጥሏል» ይልሻል። ጊዜ ስላለሽ ሁላችሁም አዲስ ተነሡ። እንዲህ ያለውን ፎቶ የሚያሳብቀው አብዛኛውን ጊዜ የመቁረጥ ጉድለት አይደለም፣ ብርሃኑ ነው። በታኅሣሥ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ እኛ ጋ 59 ያህል ትወጣለች። ወንድምሽ ደጅ ቢነሣ ብርሃኑ ከጎን ፊቱን ይመታዋል፣ እናትሽ ደጅ ብትነሣ ቅንድቧ ዓይኗን ያጠላባታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ጠዋትና ቀትርን አንድ ሰዓት ነው እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ሁላችሁም ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ትነሣላችሁ። የመስኮት ብርሃን የትም አገር ተቀራራቢ ነው።

መሠረቱ የእናትሽ ፎቶ ነው፤ መጀመሪያ እሷን አንሺ፣ ሌላው ለእሷ ይገጥማል። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ካላችሁ በዚህ ወር ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም። ከሌለ ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱበት። እናትሽ መስኮቱ በቀኝ እጇ በኩል ሆኖ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ የቤቱ አምፖል ይጥፋ። እህትሽም ወንድምሽም መስኮቱን በቀኝ እጃቸው በኩል አድርገው ይቁሙ። ወንድምሽ እዚያ ቀትር ሲሆን ይነሣ፤ ከዚያ ብዙ ከቆየ ቀኑ ይጨልምበታል። ትክክል መሆኑን ለማወቅ አፍንጫን ማየት ይበቃል፤ የሁሉም የአፍንጫ ጥላ ወደ ግራ ጉንጭ መውደቅ አለበት። ዓይናቸው ውስጥም የመስኮቱ ነጭ ነጸብራቅ በአንድ በኩል ይታያል።

ሁለተኛው ነገር ስልኩ የሚቆምበት ቦታ ነው። ከፍታው ለሁሉም ከወለል 130 ሴንቲሜትር ይሁን። ወንድምሽን አንዱ ጓደኛው ከላይ ወደ ታች ቢያነሣው ግንባሩ ሰፍቶ እግሩ ያጥራል፤ ያንን በኮምፒውተር ማቃናት አይቻልም። ርቀቱ ለእናትሽ 3 ሜትር ይሁን። ከወንበሯ ኋላ ግማሽ ሜትር ርቃችሁ ስለምትቆሙ፣ ለእናንተ ለልጆቹ 3 ሜትር ተኩል። ቀርቦ ማንሣት አፍንጫ ያተልቃል፣ ጆሮም ወደ ኋላ ያሸሻል። ሰፊውን ሌንስ ትታችሁ ስልኩ 2x የሚል ካለው በእሱ አንሡ። በሰልፊ ካሜራ አይሆንም፤ አንዳንዱ ስልክ ፎቶውን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል።

የቁመት ነገር ደግሞ አለ። ወንድምሽ ከእህትሽ በስንት ይረዝማል ብዬ ብጠይቅ እንደ ሰዉ ግምት ትነግሩኛላችሁ፣ በግምት የተሠራ ቤተሰብ ደግሞ አንዱ ግዙፍ አንዱ ድንክ ሆኖ ይወጣል። የልብስ ሰፊ ሜትር መጥረጊያ እንጨት ላይ እሰሩና በሰውዬው ትከሻ አጠገብ አቁማችሁ አንድ ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ እንጨቱን አንሥታችሁ፣ ሰውዬው ሳይንቀሳቀስ ዋናውን። በእናትሽ ፎቶ ላይ አንድ ሜትር 1000 ፒክስል ከያዘ፣ በኋላ የቆሙት ላይ 857 ፒክስል ሊይዝ ይገባል፤ 3ን ለ3.5 ማካፈል ነው ነገሩ። እኔ ፎቶውን እዚያ ቁጥር ላይ እስኪደርስ አሳንሰዋለሁ፣ ቁመታችሁም ሳልነካው ራሱ ይስተካከላል። ሜትሩ ያለበትን ፎቶ ስትነሡ ነጭ ወረቀትም ፊታችሁ አጠገብ ያዙ። የአንዱ ወረቀት ቢጫ፣ የሌላው ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል፤ ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ዓይነት ነጭ ሳደርጋቸው የቆዳችሁም ቀለም አብሮ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው። እናትሽን ስታነሺ የጎረቤት ልጆች ጥሪና በእህትሽና በወንድምሽ ቦታ ከወንበሩ ኋላ አቁሚያቸው፣ አንቺም በቦታሽ ቁሚ፣ አንሡ። ከዚያ ስልኩ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ልጆቹ ይውጡና እንደገና አንሡ። እናትሽ ትከሻ ላይ የሚወድቀውን የሰው ጥላ ከመጀመሪያው ፎቶ እወስደዋለሁ። እውነተኛ ጥላ ነው፣ እኔ በብሩሽ ከምሥለው ጋር አይወዳደርም። የምሥለው ጥላ ላይ የሌየሩን ዓይነት `Multiply` ላይ አድርጌ፣ ሰውየው ወንበሩን በሚነካበት ጠርዝ ጠቆር፣ ራቅ ሲል ደግሞ ፈዘዝ አደርገዋለሁ፤ የጎረቤት ልጅ ካለልኝ ግን ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል። ከኋላ የቆሙት እግራቸው በወንበሩ ስለሚሸፈንና ፎቶውም ከጉልበት በላይ ስለሚቆረጥ ጫማና ወለል ማገናኘት የለብንም። ብዙ ቅንብር የሚበላሸው እዚያ ነው።

እጅ ትከሻ ላይ መጫን ደስ ይላል፣ ግን አልመክርም፤ ጣት ከልብስ ጋር ሲገናኝ ጨርቁ ይጎደጉዳል፣ ያንን መፍጠር ከባድ ነው። ወንድምሽ እጁን የእናትሽን ወንበር በሚያህል ወንበር መደገፊያ ላይ ያኑር፣ ያ ይበቃል።

አንድ ጥፋቴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ጂዳ ያለች ልጅ ፎቶ መጥቶልኝ ጥላው በተቃራኒ በኩል ነበር። አዲስ ላኩ ብዬ ከማስቸገር ፎቶውን ገልብጬ ገጠምኩት፤ ብርሃኑም ተመሳሰለ፣ ኮራሁ። እናቲቱ ፎቶውን አንሥተው ብዙ ካዩት በኋላ «ልጄን ማርያም የሳመቻት እኮ በዚህኛው ጉንጯ ነበር» አሉኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቁት ጥቁር ነጥብ ማዶ ተሻግሯል። የጸጉሯ መስመርም ዞሯል። ያን ቀን ገንዘባቸውን መለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት አልገለብጥም።

«ከዱባይ በቴሌግራም የተላከልኝ ፎቶ ስልኬ ላይ ጥርት ያለ ነው። 30 በ40 ሳሳትመው ግን ፊቱ ጭጋግ መሰለ። አታሚው ነው የበደለኝ?» ከሄርማታ

አታሚውን ተወው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ይሆናል። ያንን 40 ሴንቲሜትር ላይ ብትዘረጋው በአንድ ሴንቲሜትር 32 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፤ ደህና ኅትመት 80 ያህል ይፈልጋል። ላኪው ሲልክ ምስሉን ከ`Gallery` ሳይሆን `File` በሚለው በኩል አድርጎ ይላክልህ፣ ሳይነካ ይደርሳል። ስክሪንሾት አንሥቶ መላክ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

«እናቴን ከነነጠላዋ ቆርጬ አወጣኋት፤ ነጠላው ላይ ግን የቤታችን አረንጓዴ ግድግዳ ቀርቷል። በብሩሽ ብደመስሰው ጨርቁ ካርቶን መሰለ።» የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ካርቶን የመሰለው ሙሉ በሙሉ ስለደፈንከው ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ ግድግዳው ከጨርቁ ጠርዝ ላይ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ አልፎ ነው የሚታየው። ስለዚህ ጠርዙን ብትቆርጠው ብትፈጭው አይወጣም። ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ የነጠላውን አካል ብቻ፣ ጥለቱን ሳትጨምር ምረጥና `Saturation` የሚለውን ቀለሙ ሊጠፋ እስኪቃረብ ዝቅ አድርገው፤ አረንጓዴው ግራጫ ይሆናል፣ ግራጫ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ጥላ ይነበባል። ጥለቱን ከነካኸው ቀዩና ወርቃማው አብሮ ይሞታል። ቀጥሎ ማስኩ ላይ ብሩሽህን 30 በመቶ አድርገህ፣ ጨርቁ አንድ እጥፍ ብቻ የሆነበትን ቦታ በስሱ አሳሳው። አዲሱ ግድግዳ በዚያ በኩል ትንሽ ይታይ። ሁለት ሦስት የታጠፈበትንና ትከሻዋ ላይ ያረፈውን አትንካ።

እናትህ ቅርብ ከሆኑ ግን ነጭ አንሶላ ከኋላቸው ዘርግተህ እንደገና ብታነሣቸው አንድ ሰዓት አይፈጅብህም፤ እኔ ብሆን ይህንን ነው የማደርገው። የስልኩን የጀርባ ማደብዘዣም አጥፋው፤ ጸጉርንና የነጠላን ጫፍ ይበላል።

«ባለቤቴ አሜሪካ ነው። ለቤተሰብ ቪዛ አብረን የተነሣነው ፎቶ አምጡ ተብለናል፤ የሠርጋችን ፎቶ ጠፍቶብናል። ሁለታችንን አገናኝተህ ትሠራልኛለህ?»

አልሠራም፣ ሌላ ጋም አታሠሪ። ቤት ውስጥ የሚሰቀል ፎቶና ለቆንስላ የሚቀርብ ማስረጃ አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ሕግ ለቪዛ ሆን ብሎ የሐሰት ማስረጃ ያቀረበ ሰው በቋሚነት ሊከለከል ይችላል፤ እውነተኛው ጋብቻችሁም አብሮ ይጠረጠራል። የጋብቻ የምስክር ወረቀቱን፣ የተላከልሽን ገንዘብ ደረሰኝ፣ የስልክና የመልእክት ልውውጣችሁን ሰብስቢ። ሠርጋችሁ ላይ የነበሩ ሰዎች ስልካቸውን ቢፈትሹ ደግሞ አንድ እንኳ ፎቶ አይጠፋም።

«አባታችን በ1998 ዓ.ም. ዐረፉ። ያለን የመታወቂያ ጉርድ ፎቷቸው ብቻ ነው። ከእኛ መሃል ቆመው እንዲታዩ ማድረግ ይቻላል?» ከፈረንጅ አራዳ

ይቻላል፤ እኔ ግን ሁሌም ሰውን አሳምኜ አስቀራለሁ። የመታወቂያ ፎቶ ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመጣ አፍንጫቸው ጥላ የለውም፤ በመስኮት ብርሃን ከተነሣችሁት ከእናንተ መሃል እንደ ተለጠፈ ይታያል። ከአንገት በታች ያለውም የሌላ ሰው አካል ነው የሚሆነው፤ ትከሻቸውን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያስተውለዋል።

ፎቶውን በስካነር በ1200 ዲፒአይ አስነሡት፤ 3 ሴንቲሜትር ስፋት 1400 ፒክስል ያህል ይሰጣል። ጭረቱን ካጸዳን በኋላ 13 በ18 አትመን በፍሬም እናደርገዋለን፣ እናታችሁም ስትነሣ ጭኗ ላይ ትያዘው። እዚያ ሲሆን የብርሃኑ ልዩነት ስህተት መሆኑ ይቀራል፤ ፎቶ ውስጥ ያለ ፎቶ ነውና። ስታነሡ የፍሬሙን የላይኛውን ጠርዝ ትንሽ ወደ ፊት ታዘንብለው፤ ቀጥ ካለ መስኮቱ መስታወቱ ላይ ያበራና ፊታቸውን ይሸፍነዋል። መስታወቱን አውጥታችሁ ብታነሡትም ይሆናል።