ነጋ፣ ዋጋ፣ ነቃ፦ በዘፈን ግጥም ቤት ስለ መምታት

«ሙሉ በሙሉ ቤት መምታት፣ በተቀራራቢ ድምፅ ቤት መምታትና በስንኙ ውስጥ ቤት መምታት ለዘፈን ምን ምን ያደርጋሉ? ሁሉም ስንኝ በትክክል ቤት ካልመታ ግጥሙ ደካማ ነው ማለት ነው?»

ደካማ ነው ማለት አይደለም። እኔም የዘፈን ግጥም መጻፍ በጀመርኩባቸው ዓመታት እንደዚያ አምን ስለ ነበር፣ ለቤቱ ስል ብዙ ጥሩ ሐሳብ ሰርዣለሁ። በሌላ መንገድ እንዳስብ ያደረገኝ በ6 በ6 ቀለም የጻፍኩት ይህ ስንኝ ነው፤

ደጅሽ ላይ ቆምኩልሽ፣ ሌቱ እስኪነጋ
ላንዲት ቃል ሰላምታ፣ ይህ ሁሉ ነው ዋጋ

«ነጋ» እና «ዋጋ» በአንድ ፊደል ስለሚያልቁ ቤቱ ሙሉ ነው። አንዱ ግሥ፣ ሌላው ስም መሆኑም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩ በግሥ ስለሚዘጋና ባለቤቱን የሚያመለክተው ምዕላድ ከግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚለጠፍ፣ «መጣሽ»ን በ«ወጣሽ»፣ «ሄድኩኝ»ን በ«ቀረሁኝ» መምታት ምንም ድካም የለውም። አድማጩም የሁለተኛውን ስንኝ መጨረሻ ዘፋኙ ሳይደርስበት ያውቀዋል። ሆኖም ስንኜን ደጋግሜ ሳዜመው ሁለተኛው መስመር ባዶ ሆነብኝ። ዋጋ የሚለው ቃል የመጣው ቤቱ ስለ ጠራው እንጂ እዚያ ደጅ ላይ የቆመው ሰው ስለ ዋጋ እያሰበ አልነበረም። ሰውየው የሚያየው ምን እንደሆነ ስጠይቅ ይህ መጣልኝ፤

ደጅሽ ላይ ቆምኩልሽ፣ ሌቱ እስኪነጋ
ጎረቤቱ ሁሉ፣ ካንቺ በፊት ነቃ

አሁን ፊደሉ አንድ አይደለም፤ «ጋ» እና «ቃ» ነው። ነገር ግን ሁለቱም ከአፍ ኋለኛ ክፍል የሚወጡ ድምፆች ናቸው፣ አናባቢያቸውም አንድ ነው፣ ከፊታቸው ያለው «ነ» ደግሞ በሁለቱም ቃላት ውስጥ አለ። ሲዘፈን የሚረዝመው አናባቢው ነው እንጂ ተነባቢው አይደለም፤ ዘፋኙ «ነቃ» ላይ ሲደርስ «ቃ»ን በቅጽበት አልፎ «ኣ»ን ይስበዋል፣ ጆሮም የሚይዘው እሱን ነው። ስለዚህም በወረቀት ላይ የጎደለ የሚመስለው ቤት በዜማ ይሞላል። «ሀገር» እና «መንገድ»ም በዚሁ ምክንያት አብረው ይሄዳሉ፤ የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ሲሆን የሚሳበው ከፊቱ ያለው አናባቢ ነውና። የዚህ ቤት ጥቅም ሐሳቡን አለመዝጋቱ ነው፤ ጥርጣሬ፣ ናፍቆት ወይም ያላለቀ ነገር ለሚናገር ስንኝ ይስማማዋል። ገደቡም እዚያው አናባቢው ላይ ነው። «ነጋ»ን በ«ፈለገ» ብመታው ፊደሎቹ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ነገር ግን ረዥም ኖታ ላይ «ኣ» እና «ኧ» መለያየታቸው በግልጽ ይሰማል፣ ዘፋኙም የተሳሳተ ይመስላል።

ሙሉ ቤትን ለአዝማቹና ለመዝጊያው ስንኝ አስቀምጣለሁ። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል» የሚለውን ያስታውሱ፤ እንግዳው ግጥሙን አንድ ጊዜ ይናገራል፣ አዝማሪውም በማሲንቆው ወዲያው ያዜመዋል። አንድ ጊዜ የሰሙትን ሳያዛቡ ለመመለስ ሙሉ ቤት እጅግ ይረዳል፣ አዝማችንም ሕዝብ በሁለተኛው ዙር አብሮ እንዲያነሳው የሚያደርገው ይኸው ነው። እዚህ ቦታ መጨረሻውን ቀድሞ ማወቅ ጉድለት ሳይሆን የሚፈለግ ነገር ነው።

በስንኙ ውስጥ የሚመታው ቤት ግን ሥራው ከፍጥነት ጋር ነው። ያንኑ ሐሳብ እንዲህ ብለው፣

ደጅሽ ላይ ብመጣ፣ ማንም ሰው አልወጣ

የመጀመሪያው ሐረግ መጨረሻ ከስንኙ መጨረሻ ጋር ስለሚገጥም ጆሮ መልሱን በ6 ቀለም ልዩነት ያገኛል፣ የምቱ ፍጥነት ሳይለወጥም መስመሩ የፈጠነ ይመስላል። ለችክችካና ለጭብጨባ ዘፈን ይህ ትልቅ ኃይል ነው። በዝግታ ለሚዜም የትዝታ ዘፈን ግን አንድ ጊዜ ሞክሬው አልሆነልኝም፤ ዘፋኟ የመጀመሪያውን ሐረግ መጨረሻ እያስረገደች ስለ ሳበችው፣ አድማጩ ስንኙ እዚያ ያለቀ መስሎት እውነተኛው መጨረሻ ሲደርስ ምንም አልተሰማውም። ከዚያ ወዲህ ቃል ከመጻፌ በፊት ዜማውን በ«ላ ላ ላ» ብቻ አንጎራጉሬ፣ ረዥሙ ኖታ የት እንደሚያርፍ ምልክት አደርጋለሁ። በሐረጉ መካከል ረዥም ኖታ ካለ እዚያ ቤት አልመታም።

የእርስዎን ስንኞች ለመፈተን በስልክዎ ዘፍነው ይቅረጹና ግጥሙን በወረቀት ላላየ ሰው ያሰሙት። «ነጋ» እና «ነቃ»ን በዚህ መንገድ ያሰማኋት እህቴ ፊደሉ መለያየቱን ያወቀችው ወረቀቱን ሳሳያት ነው።