የሥራ ማስታወቂያ የሚለቅም ስክሪፕት፦ ገጽ ሲቀየርና በር ሲዘጋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። በፓይተን የጻፍኩት ስክሪፕት ከአንድ ድረ ገጽ የሐዋሳና የአካባቢዋን ክፍት የሥራ ቦታዎች እየለቀመ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ይለጥፋል። ገንዘብ አላስከፍልም። በቅርቡ ድረ ገጹ ዲዛይኑን ቀየረ። ስክሪፕቴ ባዶ ውጤት ሲያገኝ በየ5 ሰከንዱ እንዲሞክር አድርጌው ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ሲሞክር አደረ። ብሎክ አደረጉኝ። ጓደኛዬ በመከረኝ መሠረት ክሮም መስዬ በቪፒኤን ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የአንዳንድ ሥራዎች የማመልከቻ ቀን ተሳስቶ ወጥቷል። አሁን ‹‹አቁም፣ አለዚያ እንከስሃለን›› የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ወንጀል ሠርቻለሁ? ቻናሉን ልዝጋው?

መልስ፦ ቻናሉን መዝጋት አያስፈልግዎትም። ስክሪፕቱን ግን ዛሬውኑ ያቁሙት፤ ሎጉንም፣ ማለትም የሠራውን ሁሉ የመዘገበበትን ፋይል፣ አይሰርዙት። ለምን እንደምል ወደ ታች ያገኙታል።

መጀመሪያ ስለ ማስታወቂያዎቹ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 5 ተራ መረጃን አይጠብቅም። የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ የሥራ መደቡ፣ ቦታውና የመጨረሻው ቀን የማንም ድርሰት አይደሉም። ስለ ሥራው በሰው የተጻፈው ረጅም ማብራሪያ ግን ሌላ ነው። እሱን እንዳለ አይገልብጡ። አራቱን ነገሮች ወስደው ከሥር ወደ ዋናው ማስታወቂያ የሚወስድ ሊንክ ያስቀምጡ። የቀጣሪ ሠራተኛ ስምና የግል ስልክ ካለበት ይተዉት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለና።

ዋናው ጉዳይ ያለው ስክሪፕትዎ ባዶ ውጤት ካገኘ በኋላ በሆነው ነው። ገጽ መቀየሩና በር መዘጋቱ በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስክሪፕትዎ ግን ሁለቱንም ‹‹ባዶ›› ብሎ አንድ አድርጓቸዋል።

ልዩነቱ ሎጉ ላይ ይታያል። ሰርቨሩ ‹‹ተሳክቷል›› የሚለውን 200 ቁጥር መልሶ፣ ገጹም ሙሉ ሆኖ መጥቶ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ሳጥን ብቻ ከጠፋ ዲዛይኑ ተቀይሯል ማለት ነው። ማንም አልከለከለዎትም። ኮድዎን ማስተካከል ሙሉ መብትዎ ነው። 429 ከመጣ ‹‹ፍጥነትህን ቀንስ›› ነው፤ ብዙ ጊዜ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ `Retry-After` የሚል መስመር አብሮ ይመጣል። 403 ከመጣ ወይም ድንገት ‹‹ይግቡ›› የሚል የይለፍ ቃል ገጽ ከተደቀነ ደግሞ ባለቤቱ እምቢ ብሏል። የመጀመሪያውን በኮድ ይፈቱታል። የመጨረሻውን የሚፈታው ፈቃድ ብቻ ነው።

አሁን የእርስዎን ሌሊት እንየው። በየ5 ሰከንዱ ማለት ለአንድ ገጽ በሰዓት 720 ጥያቄ ነው። 20 ገጽ ከሆነ 14,400 ይሆናል። ለትንሽ ሰርቨር ይህ ቀላል አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 5 የኮምፒዩተር ሥርዓትን መደበኛ ሥራ ማወክን ይቀጣል። ነገር ግን ሆነ ብሎ የተደረገ መሆን አለበት። የእርስዎ የኮድ ስህተት ነው፤ ይህን የሚያስረዳልዎት ሎጉ ነው። አይሰርዙት ያልኩት ለዚህ ነው። ሲሰርዙ ማስረጃዎን ራስዎ አጠፉ ማለት ነው። ያም ሆኖ በቸልተኝነት ጉዳት ደርሶባቸው ከሆነና ካረጋገጡት፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 መሠረት ካሳ ሊጠይቁ ይችላሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቪፒኤኑ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 3 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ሊደርስ ይችላል። ለሁሉም ክፍት የሆነ ገጽ ማንበብ በእኔ አስተያየት በዚህ አንቀጽ ሥር አይወድቅም። ብሎክ ከተደረጉ በኋላ መልክ ቀይሮ መግባት ግን ዓቃቤ ሕግ ‹‹እንደተከለከለ እያወቀ ገባ›› እንዲል ያመቻቻል። ኢሜይሉ ከደረሰዎት በኋላ ደግሞ ‹‹አላወቅኩም›› ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቪፒኤኑን ይተዉት። ጓደኛዎ ለክፋት አልመከረዎትም፤ ምክሩ ግን ጎጂ ነበር።

ስለ ድረ ገጹ ደንብም ሁለት ነገር ይመልከቱ። አካውንት ከፍተው ‹‹ተስማምቻለሁ›› የሚለውን ተጭነው ነበር? ከሆነ ውል አለ፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው። በደንቡ ውስጥ በሮቦት መሰብሰብን የሚከለክል አንቀጽ ካለ ያስርዎታል። ሁለተኛው `robots.txt` ነው፤ ባለቤቱ ለስክሪፕቶች መመሪያ የሚጽፍበት ፋይል ነው። ከድረ ገጹ አድራሻ ቀጥሎ `/robots.txt` ብለው ይክፈቱት። ይህን የመሰለ ነገር ያገኛሉ፦

```
User-agent: *
Disallow: /search
Disallow: /apply/
Crawl-delay: 10
```

ከ`/search` እና ከ`/apply/` ራቁ፣ በሁለት ጥያቄ መካከል 10 ሰከንድ ቆዩ እያለዎት ነው። ይህ ልማድ ከ1994 ጀምሮ የነበረ ሲሆን በ2022 RFC 9309 በሚባል የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ በጽሑፍ ወጥቷል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። `Crawl-delay` ሰነዱ ውስጥ የለም፤ ቢሆንም ያክብሩት። ሰነዱ ራሱ ይህ ፋይል የመግቢያ ፈቃድ መስጫ እንዳልሆነ ይናገራል። ስለዚህ ጥሶ መገኘት በራሱ ወንጀል አይሆንም። ችሎት ፊት ግን የባለቤቱን ፍላጎት ያሳያል፤ ማክበርዎም ቅን ልቦናዎን ያሳያል።

የተሳሳተው የማመልከቻ ቀን ጉዳይ ቀላል እንዳይመስልዎት። አንዲት ሥራ ፈላጊ ቻናልዎን አምና ቀኑ ቢያልፍባት ጉዳቱ የእሷ ነው። እንደምገምተው ስክሪፕትዎ ‹‹ሁለተኛው ሳጥን›› እያለ ነበር የሚያነበው። ዲዛይኑ ሲቀየር ሁለተኛው ሳጥን ማስታወቂያው የወጣበት ቀን ሆኗል። ኮዱም ስህተት ሳያሳይ ዝም ብሎ ቀጥሏል። ብዙ የሥራ ገጾች ለፍለጋ ሞተሮች ብለው `JobPosting` የሚባል መረጃ ውስጡ ያስቀምጣሉ። በገጹ ምንጭ ኮድ ውስጥ `application/ld+json` ብለው ይፈልጉት። `datePosted` የወጣበት ቀን፣ `validThrough` የሚያበቃበት ቀን ነው። መልኩ ቢቀያየርም ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ አይነካም።

ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ማጣሪያ ያስገቡ። የማብቂያው ቀን ከወጣበት ቀን ከቀደመ ወይም እኩል ከሆነ አይለጠፍ። ቀኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ከሄደ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላልና በዓይንዎ ይዩት። ከገጾቹ ብዙዎቹ ባዶ ከመጡ ስክሪፕቱ ይቁም፤ እንደገና አይሞክር፤ ለእርስዎ መልእክት ይላክ። ተሳስተው የወጡትን ደግሞ ሳይሰርዙ ‹‹እርምት›› ብለው ትክክለኛውን ቀን ቻናሉ ላይ ይለጥፉ።

ለኢሜይሉ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ። ስክሪፕቱን ያቆሙበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ። ድግግሞሹ የኮድ ስህተት እንደነበር፣ ገንዘብ እንደማያስከፍሉ ይግለጹ። ስለ ቪፒኤኑ አይዋሹ፤ ነገር ግን በጽሑፍ ምን እንደሚሉ በአካል ጠበቃ ሳያማክሩ አይጻፉ። ከዚያ ፈቃድ ይጠይቁ፦ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጥያቄ መካከል 10 ሰከንድ እየቆየ፣ ሊንኩን እየጠቀሰ፣ በራሱ ስም የሚገባ ስክሪፕት። ስሙ `User-Agent` ላይ እንዲህ ይቀመጥ፦

```
HawassaJobsBot/1.0 (+mailto:bot@example.com)
```

በ`bot@example.com` ፋንታ የራስዎን የኢሜይል አድራሻ ያስገቡ። ቅር ሲላቸው ብሎክ ከማድረጋቸው በፊት ሊያገኙዎት ይችላሉ። ከፈቀዱ ፈቃዱን በጽሑፍ ያስቀምጡ። እምቢ ካሉ ከእነሱ ገጽ በስክሪፕት አይውሰዱ፤ መሥሪያ ቤቶቹ በራሳቸው ገጽና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚያወጡትን መለጠፍ ግን ማንም አይከለክልዎትም።