የምትመኘውም የምትፈራውም እዚያው ሲሆን

ከሰሞኑ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ጠያቂዎቹ ሁሉም ከከተማው ዳር ዳር ያሉ ናቸው። ሁሉም የተቸገሩበት አንድ ነገር ነው፤ የዋናው ገጸ ባህሪ ምኞትና ፍርሃት።

ጋሼ፣ የልብ ወለዴ ዋና ገጸ ባህሪ አስካለ ትባላለች። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ከልቧ የምትመኘው ጎረቤት አፍርታ እንደ ሰው መኖር ነው። የምትፈራው ከፍታ ነው። ያነበቡልኝ ሁሉ «ሴትዮዋ አልያዘችንም» አሉኝ። ምን ጎደላት? (ከኮዬ ፈጬ)

ምኞቷን አትንኪው፣ ጥሩ ነው። ችግሩ ፍርሃቷ ላይ ነው። ከፍታ መፍራቷ ደረጃ ስትወጣ ያስጨንቃት ይሆናል እንጂ ጎረቤት ቤት ገብታ ቡና ከመጠጣት አያግዳትም። ምኞቷን ስትከተይ ፍርሃቷ ዝም ይላል፣ ፍርሃቷን ስታነሺ ምኞቷ ይረሳል። ሁለቱ አንድም ቦታ ላይ አይገናኙም።

እስቲ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ አስካለ የተመኘችውን ብታገኝ፣ ማግኘቷ ራሱ ምን ያመጣባታል? ጎረቤት ሲቀርብ ይጠይቃል። አገርሽ የት ነው፣ እናት አባት አሉ ወይ ይላል። የምትፈራው መታወቅን ቢሆንስ? እንበልና ከዓመታት በፊት የታመመች እናቷን ለታናሽ ወንድሟ ጥላ ከገጠር ወጥታለች። ለጠየቃት ሁሉ «እናቴ ሞታለች» ስትል ኖራለች። እናትየዋ ግን አለች። አሁን ምኞቷም ፍርሃቷም ከአንድ ነገር መጡ። ሰው የራባት እናቷን ትታ ስለወጣች ነው፤ ሰው የምትሸሸውም በዚያው ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ሁለቱን ፊት ለፊት የሚያጋጥም ነገር ፈልጊ። ሩቅ አትሂጂ። አዲስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ ሲሰባሰብ እድር ያቋቁማል። እድር መግባት ደግሞ ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ብቻ አይደለም። ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ ቤተሰብሽን ያስቆጥርሻል፤ ባል፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት። ደንቡ ከእድር እድር ይለያያልና የሰፈርሽን ጠይቀሽ አረጋግጪ። ብዙውን ጊዜ ግን ሐዘን ሲደርስ ገንዘቡ የሚሰጠው፣ ድንኳኑም የሚተከለው በዚያ ዝርዝር መሠረት ነው። እንግዲህ ጸሐፊው «እናት አሉ?» ብሎ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ ያያታል። ከኋላዋ ጎረቤቶቿ ተራ ይዘው ቆመዋል፤ የምትለውን ሁሉ ይሰማሉ።

አለች ብትል ውሸቷ ይወጣል። የለችም ብትል እናቷ የሞተች ቀን ድንኳን አይተከልላትም፣ በሰው ፊትም ማልቀስ አትችልም። አልመዘገብም ብላ ብትወጣ እንደ ባዳ ትኖራለች። ሦስቱም ያስከፍሏታል፣ ሦስቱንም ደግሞ ልትመርጥ ትችላለች። ይህን ትዕይንት ጽፈሽ ለእነዚያው አንባቢዎችሽ ስጫቸው።

የኔ ዋና ገጸ ባህሪ የቀን ሠራተኛ ነው። ፎርማን መሆን ይመኛል። ማንበብ እንደማይችል እንዳይታወቅበት ይፈራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ልጅነቱን በሦስት ገጽ ተርኬ ፍርሃቱን አስረድቻለሁ። በዛ እንዴ? (ከቱሉ ዲምቱ)

አዎ፣ በዝቷል። ምርጫህ ግን በጣም ደስ ብሎኛል። ፎርማን ከሆነ ፕላን ማየት፣ ለገባ ዕቃ መፈረም አለበት። ሹመቱ ራሱ ሊያጋልጠው ነው።

ሦስቱን ገጽ አውጣና በምትኩ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሳይቱ በር ላይ አምጣ። ኢንጂነሩ የለም። ሹፌሩ የርክክብ ወረቀቱን ለልጁ ይዘረጋለታል። ልጁ ወረቀቱን አይቀበልም። ወደ መኪናው ዞሮ ከረጢቶቹን ጮክ ብሎ አንድ በአንድ መቁጠር ይጀምራል። ሲጨርስ «ልክ ነው፣ እጄ ጭቃ ስለሆነ አንተው ሙላው» ይላል። አንባቢ እዚህ ላይ ምንም ላይጠረጥር ይችላል። ሌላ ቀን ሌላ ወረቀት ሲመጣና ልጁ ሌላ ሰበብ ሲያገኝ ግን ይነቃል። ራሱ የደረሰበትን ነገር ደግሞ አንተ ካስረዳኸው ይበልጥ ያምነዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ፍርሃት ሰውን ጎበዝ ያደርጋል። ማንበብ የማይችል ሰው የሰማውን ልክ ሁሉ በቃሉ ይይዛል። የየትኛው ክፍል በር ስንት እንደሆነ፣ ትናንት ስንት ብረት እንደገባ ሳያይ ይናገራል። አለቆቹ የሚያደንቁት፣ ለሹመትም የሚያስቡት በዚህ ነው። እንግዲህ ፍርሃቱን ሊደብቅበት ያዳበረው ችሎታ ወደሚፈራው ወረቀት እየገፋው ነው። ልጅነቱን የመተረኪያ ጊዜ የሚመጣው በኋላ ነው። አንድ ሰው አምኖ ምስጢሩን መንገር ግድ ሲሆንበት፣ ያኔ ከራሱ አፍ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይውጣ።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ገጸ ባህሪዬ እንዳሉት ይመኛል፣ ይፈራልም። ነገር ግን ከምዕራፍ 4 እስከ 9 ወዲያና ወዲህ ሲል ኖሮ እኔንም አሰለቸኝ። (ከየካ አባዶ)

ማመንታቱን አያጥፉበት። ያሰለቸዎት ማመንታቱ ምንም ስለማያሳጣው ይመስለኛል። እያንዳንዱን ትዕይንት አንብበው ሲጨርሱ ይህን ይጠይቁ፦ ሰውየው በማግስቱ ወደ ትናንቱ ኑሮው መመለስ ይችላል? የሚችል ከሆነ ታሪኩ እዚያ ላይ ቆሟል።

ከላይ ያለችውን አስካለን ልዋስ። «እናቴ የለችም» ብላ ተመዘገበች እንበል። ፍርሃቷ አሸነፈ፣ እድሩም ተቀበላት። ጠንቃቃነቷን አይተው ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጧት። ምኞቷ እየተሳካ ነው፤ ነገር ግን ብትጋለጥ የምታጣው ከበፊቱ በዛ። ቀጥሎ አንዲት ጎረቤቷ እናቷን ታጣለች። ለቅሶ ቤት ሴቶቹ «አስኩ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እስቲ አጽናኛት» ይሏታል። ገብታ ታጽናናታለች፤ የራሷን እናት «ሞት» ሳይቀር ትተርክላታለች። ከዚህ በኋላ ውሸቱ አንዲት ሐዘንተኛ ልብ ውስጥ ገብቷል፣ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ከዚያ ወንድሟ ይደውላል፦ «እማዬን ለሕክምና ይዣት እየመጣሁ ነው፣ አንቺ ጋ ታርፋለች።»

አስካለ እዚህም ታመነታለች። ግን በየዙሩ መመለሻዋ እየጠበበ ነው።

በአንድ ወረቀት ላይ ለየትዕይንቱ ሁለት ነገር ይጻፉ፤ ምኞትና ፍርሃት ማን አሸነፈ፣ ምንስ ጠፋ። «ምን ጠፋ» የሚለው ባዶ የሆነበትን ትዕይንት ይሰርዙት፣ ወይም ከአጠገቡ ካለው ትዕይንት ጋር ያዋህዱት። ፍርሃት ብቻ በተከታታይ እያሸነፈ ከሄደም ይጠንቀቁ። አንባቢ ሰውየው የምር እንደሚመኝ መጠራጠር ይጀምራል። ከስድስቱ ምዕራፎችዎ ሦስት ቢቀሩ አይገርመኝም።

መጨረሻ ላይ ፍርሃትን ማሸነፍ ግዴታ ነው? (ከጀሞ)

አይደለም። አስካለ እናቷን በምሽት አስገብታ በር ዘግታ ልትደብቃት ትችላለች። እጇን ይዛ በቡና ሰዓት ጎረቤቶቿ መሃል ልታስቀምጣትም ትችላለች። ምርጫው የራሷ ከሆነና ምን እንደምታጣ ካወቀች ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው አጋጣሚ ሲገላግላት ነው። የሐኪም ቀጠሮው ቢሰረዝ፣ መዝገቡ ቢጠፋ ወይም እናትየዋ መንገድ ላይ ብትሞት ውሳኔው ከእጇ ይወጣል። አንባቢ ግን እስከዚያ የተከተላት ስትወስን ሊያይ ነበር።